ስንቅ እና አደራ፦ «ቆሻሻ ፋይል» ስለሚባለው አጠራር

የኮምፒውተሩ C: ድራይቭ ሞልቶ ምልክቱ ሲቀላ ምክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቆሻሻ ፋይሎችን አጥፋ»። ይህ አጠራር ያናድደኛል። ቆሻሻ ማለት የማይመረመር፣ ዝም ብሎ የሚጣል ነገር ነው። ዲስኩን የሞሉት ፋይሎች ግን አንዳንዶቹ ቢጠፉ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ሌሎቹ አይመለሱም። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ለማጥፋት የሚቸኩለውን ሰው ያሳስታል።

«ካሽ» ለሚባለው ነገር በስልኮቻችን የአማርኛ ቅንብር ውስጥ የገባው ቃል «መሸጎጫ» ነው። ሥሩ ሸጎጠ ነው፤ ሽጉጥም ስሙን ያገኘው ወገብ ላይ ስለሚሸጎጥ ነው። የባዕዱ ቃል የመጣበት የፈረንሳይኛ ግስም መደበቅ ማለት ስለሆነ ትርጉሙ ታማኝ ነው። «ቋት» የሚሉም አሉ፤ እሱ ግን በ«የመረጃ ቋት» ሌላ ሥራ ይዟል። መሸጎጫ ለቦታው ይሁን እላለሁ። በውስጡ ለተቀመጠው ፋይል ግን የምመርጠው «ስንቅ»ን ነው። ሰነቀ ማለት ለመንገድ የሚሆነውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ያዘ ማለት ነው። ስንቅ ቢጠፋ እንደገና ይዘጋጃል፤ ኪሳራው ጊዜና ድካም ብቻ ነው። ካሽም ልክ እንዲህ ነው። ቃሉ ራሱ «ይህን ባጠፋው ከየት ይመለሳል?» ብለን እንድንጠይቅ ያደርገናል።

128 ጊጋባይት ዲስክ ያለው፣ ባዶ ቦታው 2 ጊጋባይት ብቻ የቀረው የዊንዶውስ ላፕቶፕ እንውሰድ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን እንደገና እናስነሣ፤ በከፊል የተጫነ ፕሮግራም ሥራውን የሚጨርሰው ከዚያ በኋላ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚያስፈልጉት ፋይሎች ከጊዜያዊዎቹ መካከል ሊኖሩ ይችላሉ። ከዚያ የዊንዶውስ ቁልፍንና R ን አብረን ተጭነን ይህን እንጽፋለን፦

```
%TEMP%
```

የሚከፈተው አቃፊ ጊዜያዊ ፋይሎችን የያዘ ነው። ሁሉንም መርጠን እናጠፋለን፤ «በሥራ ላይ ነው» ተብሎ እንቢ ያለውን ግን እናልፈዋለን፣ አንድ ፕሮግራም ይዞታልና። ዊንዶውስ ለማሻሻያ ያወረዳቸው ፋይሎችም ስንቅ ናቸው፤ አድራሻቸው C:\Windows\SoftwareDistribution\Download ነው። የማሻሻያ አገልግሎቱን አስቁመን ብናጠፋቸው ሥርዓቱ ያልተጫነውን እንደገና ያወርዳል። በሞባይል ፓኬጅ ለሚጠቀም ሰው ግን ዋጋው ከዲስክ ወደ ኢንተርኔት ሒሳብ ይዞራል፤ ስለዚህ የተጀመረ ማሻሻያ ካለ መጀመሪያ ቢጨርስ ይሻላል።

አሁን ወደ C:\Windows\Installer እንምጣ። ይህ የተደበቀ አቃፊ ብዙ ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል። በውስጡ በዘፈቀደ ፊደላትና ቁጥሮች የተሰየሙ .msi እና .msp ፋይሎች ተደርድረዋል። ስማቸው ምንም አይነግረንም፣ ቀናቸው ያረጀ ነው፣ ለቆሻሻነት የሚያሟሉት ይመስላል። ነገር ግን ዊንዶውስ አንድን ፕሮግራም ለመጠገን፣ ለማሻሻል ወይም ለማራገፍ የሚመለከተው እነዚህኑ ነው። ስለዚህ ስማቸው «አደራ» ይሁን፤ ፕሮግራሙ ሲጫን ለማራገፊያው ቀን ዊንዶውስ ዘንድ ያስቀመጠው ነው። የጠፋን አደራ ኮምፒውተሩ ራሱ አይተካውም።

ጉዳቱን ክፉ የሚያደርገው ወዲያው አለመታየቱ ነው። በዚያ ቀን ቦታ ተገኝቶ ሁሉ ነገር ይሠራል። ከወራት በኋላ ፕሮግራሙን ማሻሻል ወይም ማራገፍ ስንፈልግ፣ የመጫኛው ምንጭ እንደማይገኝ የሚገልጽ መልእክት፣ አንዳንዴም 1612 የሚል የስሕተት ቁጥር ይመጣል። ያኔ መፍትሔው የዚያኑ ፕሮግራም የዚያኑ እትም መጫኛ ፈልጎ ማግኘት ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አይገኝም።

Windows.old የሚባለው አቃፊ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ወደ አዲስ እትም ስንሻገር የቀድሞው ሥርዓት የሚቀመጥበት ነው፤ ዊንዶውስ በተለምዶ ከ10 ቀን በኋላ ራሱ ያጠፋዋል። ወደ ኋላ መመለስ እንደማንፈልግና የራሳችን ሰነድ በውስጡ እንዳልቀረ ካረጋገጥን፣ በቅንብሮች ውስጥ ካለው የማከማቻ ገጽ ማስወገድ ይቻላል። እዚያው ገጽ ላይ Downloads የሚል ሣጥን ልናይ እንችላለን። እሱ ላይ ምልክት አይደረግ፤ አቃፊው የአሮጌ መጫኛዎች መከማቻ ቢመስልም የባንክ ደረሰኝና የትምህርት ማስረጃ የሚወርዱት እዚያው ነውና፣ ከፍተን በዓይናችን እየለየን እናጥፋ።

ቦታውን የያዘው የአደራው አቃፊ ራሱ ከሆነ፣ የማንጠቀምባቸውን ፕሮግራሞች ከቅንብሮች ውስጥ እናራግፋቸው። ፕሮግራሙ በሥርዓቱ ሲራገፍ ዊንዶውስ አደራውንም አብሮ ያነሣዋል።