የሩድበርግ ሁለት ዕረፍቶች፦ የእርሳስና የቆርቆሮ ቅይጥ ከመፈንቅል ሕግ አንጻር



ንግግሬን የምጀምረው ከሮም የቧንቧ ሠራተኞች ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጸሐፊ ፕሊኒ፣ የእርሳስ ቧንቧ የሚበየደው ሁለት እጅ እርሳስና አንድ እጅ ቆርቆሮ በተቀላቀለበት ቅይጥ እንደ ነበር መዝግቧል። የአውሮፓ የቧንቧ ሠራተኞችም እስከ ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ከዚህ ብዙ ባልራቀ ልክ ይሠሩ ነበር። ቅይጡ የተወደደው ሲቀዘቅዝ በአንድ ጊዜ ስለማይደርቅ ነው። ለተወሰነ ጊዜ እንደ ሊጥ ለስልሶ ይቆያል፤ ሠራተኛውም በወፍራም ጨርቅ እያበሰ መጋጠሚያውን ቅርጽ ያስይዘዋል።

ይህ የሊጥነት ጠባይ ከምን እንደሚመጣ የሚጠቁም ልኬት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1830 አካባቢ ነው። ስዊድናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፍሬድሪክ ሩድበርግ በቀለጠ የእርሳስና የቆርቆሮ ቅይጥ ውስጥ ቴርሞሜትር ከትቶ የቅዝቃዜውን ፍጥነት ተከታተለ። የሙቀቱ መጠን በመውረድ ላይ ሳለ ሁለት ጊዜ ያርፍ ነበር። የመጀመሪያው ዕረፍት የሚገኝበት ሙቀት እንደ ቅይጡ ልክ ይለዋወጣል። ሁለተኛው ግን የቅይጡ ልክ ቢለያይም ከቦታው አይነቃነቅም፤ ዛሬ 183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑን እናውቃለን። ሩድበርግ በዚያ ሙቀት የሚረጋው ነገር የተወሰነ ኬሚካዊ ውሁድ ነው ብሎ አሰበ። በ1884 እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ጉትሪ ለእንዲህ ያለው ዝቅተኛ መቅለጫ ቅይጥ ዩቴክቲክ የሚል ስም አወጣለት። ውሁድ ሳይሆን፣ አንዱ በእርሳስ ሌላው በቆርቆሮ የበለጸገ የሁለት ጥጥሮች ረቂቅ ድብልቅ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ የሮማውያኑ ቅይጥ ሁለተኛው ዕረፍት ላይ ሲደርስ ምን ያህሉ ገና ፈሳሽ ነው?

100 ግራም ቅይጥ እንውሰድ፤ በውስጡ 33 ግራም ቆርቆሮ አለ። በ220 ዲግሪ ላይ በፌዝ ዲያግራሙ አግድም መስመር ስናሰምር፣ መስመሩ የጥጥሩን ወሰን 17 በመቶ ቆርቆሮ ላይ፣ የፈሳሹን ወሰን ደግሞ 46 በመቶ ገደማ ላይ ይነካል። ይህን መስመር በ33 ላይ እንደ ተደገፈ መፈንቅል እንቁጠረው። ወደ ጥጥሩ ያለው ክንድ 16፣ ወደ ፈሳሹ ያለው 13፣ ጠቅላላው 29 ነው። ተማሪዎች ዘወትር የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የጥጥሩ መጠን የሚለካው በራሱ ክንድ ሳይሆን በተቃራኒው ክንድ ነው። በመፈንቅል ላይ ከባዱ ወደ መደገፊያው ይቀርባልና። ስለዚህ ጥጥሩ 13 ሲካፈል ለ29፣ ማለትም 45 ግራም፣ ፈሳሹም 55 ግራም ይሆናል። ለማረጋገጥ ቆርቆሮውን እንቁጠር፦ በጥጥሩ ውስጥ 7.7፣ በፈሳሹ ውስጥ 25.3፣ በድምሩ 33 ግራም። ሕጉ ከዚህ የቆርቆሮ ሒሳብ በቀር ሌላ ምሥጢር የለውም።

አሁን ከ183 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ብለን እንቁም። በ183 ላይ ሦስት ፌዞች አብረው ስለሚገኙ ባለ ሁለት ክንዱ ሒሳብ አይሠራም። በዚህ ቦታ ጥጥሩ 18፣ ፈሳሹ 62 በመቶ ገደማ ቆርቆሮ ይይዛል። ክንዶቹ 15 እና 29 ናቸው፤ ጥጥሩ 66፣ ፈሳሹ 34 ግራም ይሆናል። ሊጡም ይኸው ነው፦ ጥጥሩ ቅርጹን ይይዛል፣ ፈሳሹ ያለሰልሰዋል።

የሩድበርግ እንቆቅልሽም በዚሁ ይፈታል። ሁለተኛው ዕረፍት ላይ የሚደርስ ቅይጥ ሁሉ፣ መነሻው ምንም ይሁን፣ የመጨረሻው ፈሳሹ 62 በመቶ ቆርቆሮ ነው፤ የሚለያየው መጠኑ ብቻ ነው። መጠኑ ከፍ ሲል ዕረፍቱም ይረዝማል። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጎቲንገን ያስተምር የነበረው ጉስታቭ ታማን የዕረፍቱን ርዝመት እየለካ የዩቴክቲኩን ልክ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ሆኖም ሕጉ ቅዝቃዜው እጅግ አዝጋሚ መሆኑን ይጠይቃል። ቅይጡ ቶሎ ከቀዘቀዘ አስቀድሞ የረጋው የጥጥሩ እምብርት ቆርቆሮ ለመቀበል ጊዜ አያገኝም። የጥጥሩ አማካይ ልክ 18 መሆኑ ቀርቶ 14 ቢሆን እንበል፤ ክንዶቹ 19 እና 29 ይሆናሉ፣ ቀሪው ፈሳሽም ከ34 ወደ 40 ግራም ከፍ ይላል። ይህን ስሕተት ለመለየት 15 በመቶ ቆርቆሮ ያለውን ቅይጥ ማቀዝቀዝ ይበቃል። በሕጉ መሠረት ይህ ቅይጥ 183 ሳይደርስ ሙሉ በሙሉ መርጋት አለበት። ቴርሞሜትሩ በ183 ላይ ካረፈ ግን ሚዛኑ እንዳልተጠበቀ መሰከረ ማለት ነው። ዲያግራሙ አልተሳሳተም፤ እኛ ቸኩለናል።