ቅሩብ ሣልሳይ መደብ፦ ትዝታው ለማይታመን ሰው የሚመረጥ አንጻር

ደራሲው ባለታሪኩን «እርሱ» ወይም «እርሷ» እያለ ቢጠራውም፥ ባለታሪኩ ካየው፥ ከሰማውና ካሰበው አሳልፎ አንዳች የማይናገርበት፥ ቃላቱንም ሳይቀር ከባለታሪኩ ልቡና የሚዋስበት አተራረክ በአማርኛ ቅሩብ ሣልሳይ መደብ ቢባል ይስማማዋል፤ ሣልሳይ መባሉ የሰዋስውን ሦስተኛ መደብ ስለሚይዝ፥ ቅሩብ መባሉም ሁሉን አዋቂ ከሆነው ተራኪ ተለይቶ ከአንድ ሰው ኅሊና ስለማይርቅ ነው። ይህ አንጻር «እኔ» ከሚለው ከቀዳማይ መደብ ጋር የሚፎካከረው ከሁሉ ይልቅ የባለታሪኩ ትዝታ የማይታመን በሆነ ጊዜ ነው።

አሜሪካዊው ሐያሲ ዌይን ቡዝ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የልብ ወለድ ጥናቱ ኢተአማኒ ተራኪ የሚለውን ስያሜ ካስለመደ ወዲህ ብዙዎች ነገሩን ከሐሰተኛነት ጋር ያዛምዱታል፤ ይሁን እንጂ ሐሰተኛ እውነቱን እያወቀ የሚሰውር ሲሆን፥ ትዝታው የከዳው ሰው ግን የሚናገረውን ራሱ አምኖ ይናገራል፤ ስለዚህ ደራሲው አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ሰውየው የረሳው ሊሸከመው ስላልቻለ ነው ወይስ የማስታወስ ኀይሉ ራሱ ስለ ፈረሰ ነው የሚለውን ነው።

መርሳቱ ከጸጸት የመጣ እንደ ሆነ ቀዳማይ መደብ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ካዙኦ ኢሺጉሮ በ1982 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ፥ በእንግሊዝ አገር የምትኖረው ኤትሱኮ ልጇ ኬይኮ ራሷን ካጠፋች በኋላ፥ ቀድሞ በናጋሳኪ ሳለች ስለምታውቃት ሳቺኮ ስለምትባል ሴትና ስለ ልጇ ማሪኮ ትተርካለች፤ ከእነርሱም ጋር ወደ ኢናሳ ኮረብታ ሽርሽር እንደ ወጣች ትነግረናለች፤ በዚያን ዕለት ኬይኮ ገና አልተወለደችም ነበር። በመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ግን ያንኑ ዕለት ስታነሣ ደስ ብሏት የዋለችው ኬይኮ እንደ ነበረች ትናገራለች። ማንም አያርማትም፤ አንባቢው ብቻ ወደ ኋላ ተመልሶ፥ የባልንጀራዋን ታሪክ አስመስላ የነገረችን ምናልባት የራሷን ታሪክ ይሆንን ብሎ ይመረምራል። ይህ አንድ የስም መለዋወጥ እንዲህ ያለ ኀይል ያገኘው በኤትሱኮ አንደበት በመነገሩ ነው፤ ቀዳማይ መደብ የምስክርነት ቃል ነውና፥ በውስጡ የሚገኘው ስሕተት ሁሉ የምስክሩ ገንዘብ ይሆናል።

በሣልሳይ መደብ ግን ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በታች የደራሲው ማኅተም ያለ ይመስላል። አንዲት ባልቴት «ወንድሜ በሄደበት ሌሊት በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ» ብላ ኋላ «እናቴ በሩን ስትዘጋ ከመኝታዬ ሰማሁ» ብትል ሴትዮዋን እንጠረጥራለን፤ «በሩን የዘጋችው እርሷ ነበረች» ተብሎ ተጽፎ ኋላ ቢፈርስ ግን የምንጠረጥረው ደራሲውን ነው። የዚህ መድኀኒቱ ዐረፍተ ነገሩን ወደ እርሷ ማቅረብ ነው፦ «መዝጊያው እጇን ሲያቀዘቅዛት ይሰማታል፤ እርሷው ናት የዘጋችው፥ ሌላ ማን ሊዘጋው?» ኋላም «ለካስ የዘጋችው እናቷ ኖራለች» ሲባል፥ «ለካስ» እና «ኖራለች» ነገሩን ያኔ የተረዳችው ባለታሪኳ መሆኗን ይመሰክራሉ፤ ደራሲውም ከሐሜት ይድናል።

ትዝታው በደዌ ሲፈርስ ግን ቅሩብ ሣልሳይ የተሻለ ነው፤ ቃላት የሚጠፉበት ሰው «እኔ» እያለ የተስተካከለ ትረካ ቢያቀርብ፥ ይህን ያህል ማቀናበር እንዴት ተቻለው የሚል ጥያቄ ይነሣልና። በአእምሮ ሳይንስ የተመረቀችው ሊሳ ጄኖቫ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣችው «ስቲል አሊስ» የአልዛይመር ደዌ የያዛትን የሃርቫርድ መምህርት የተረከችው በዚህ አንጻር ነው። ደዌው ሲጸና አሊስ የልጆቿ ስም ይጠፋባትና አንደኛይቱ «እናቲቱ»፥ ሁለተኛይቱ «ተዋናይዋ» ተብለው ይጠራሉ፤ ተራኪውም ስማቸውን እያወቀ ከእርሷ አልፎ አይጠራቸውም። አሊስ የማታስተውለውን የልጆቿን ሐዘን አንባቢው የሚያስተውለው በዚህ ትዕግሥት ነው።

በአማርኛ ሲጻፍ አንድ ልዩ ችግር አለ፤ ቋንቋችን የሰውን ሐሳብ «እሄዳለሁ ብላ አሰበች» እያለ በራሱ መደብ ስለሚጠቅስ፥ ጀማሪ ጸሓፊ «ብላ አሰበች»ን ሲያስቀር «እሄዳለሁ» ብቻውን ይቀርና ሳያስበው ወደ ቀዳማይ መደብ ይሻገራል። በቅሩብ ሣልሳይ ግሡ ራሱ ተለውጦ «ትሄዳለች እንጂ! ማን ይከለክላታል?» መባል አለበት። የተጻፈውንም ለመፈተን አንዱን ገጽ ወስዶ «እርሷ»ን ሁሉ ወደ «እኔ» መለወጥ ይበቃል፤ ሳይሰናከል ከተነበበ ቅርበቱ ተጠብቋል፤ «ዓይኖቼ በሐዘን ፈዝዘው ይታዩ ነበር» የሚል ዐረፍተ ነገር ከተገኘ ግን፥ ማንም የራሱን ዓይን ከውጭ አያይምና፥ በዚያ ስፍራ ሌላ ተመልካች ሾልኮ ገብቷል፤ የባልቴቲቱን ትዝታ መጠርጠር የሚገባው አንባቢም ከዚያ ወዲያ የማንን ዓይን እንደሚጠረጥር አያውቅም።