ያለ ማቀዝቀዣ እስከ ምሳ ሰዓት የሚቆይ ምሳ ዕቃ አዘገጃጀት

በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ወረዳዎች ብዙ ተማሪዎችና ሠራተኞች ምሳቸውን ጠዋት ቋጥረው ይወጣሉ። ለአብነት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከቤት የወጣ ተማሪ ምሳውን ከቀኑ 6 ሰዓት ከ30 ቢበላ፣ ምግቡ ለአምስት ሰዓት ተኩል ያለ ማቀዝቀዣ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። ስለሆነም ምሳው የሚመረጠው ይህንን ልዩነት ታሳቢ በማድረግ ነው።

የትኛው ምግብ ይቆያል?

ተህዋስያን ለመራባት እርጥበት ይፈልጋሉ። ከአንድ ባቄላ የተዘጋጀ ቆሎ ለቀናት ሲቆይ ንፍሮው ግን ቶሎ የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው። በሚገባ የቦካ እንጀራ ደግሞ ኮምጣጣነቱ ይጠብቀዋል። ብዙውን ጊዜ ለጉዳት የሚዳርገው አብሮት የሚቋጠረው የሽሮ፣ የምስር፣ የድንች ወይም የሥጋ ወጥ ነው።

በመሆኑም ከላይ ለተጠቀሰው ተማሪ እንጀራ ከደረቅ በርበሬና ከዘይት ጋር፣ ዳቦ፣ ቂጣ ወይም ቆሎ መቋጠር ይመረጣል። በሶ ከተያዘም ዱቄቱ ለብቻው ተይዞ በንጹሕ ውኃ የሚበጠበጠው በምሳ ሰዓት ነው። እንጀራው ትኩስ ሆኖ ከተዘጋ ላቦቱ ስለሚያረጥበው በቅድሚያ ሊበርድ ይገባል።

ወጥ መያዝ ካስፈለገ

ተራ የፕላስቲክ ወይም የብረት ምሳ ዕቃ ሙቀት አይጠብቅም። በጨርቅ ቢጠቀለልም ወጡን ለሰዓታት ለብ አድርጎ ያቆየዋል፤ ይህም ለተህዋስያን መራባት እጅግ ምቹ ነው። ስለዚህ ወጥ የሚያዘው ሙቀት በሚጠብቅ የምግብ ፔርሙስ ብቻ ነው። ፔርሙሱን የፈላ ውኃ ሞልተው ለ10 ደቂቃ ይክደኑት። ውኃውን ደፍተው ወዲያውኑ እየተንተከተከ ያለውን ወጥ እስከ አፉ ይሙሉ፤ እስከ ምሳ ሰዓትም አይክፈቱት። ወጡ በሚበላበት ጊዜ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሞቅ ይኖርበታል። ሲከፈት እንፋሎት የማይወጣውና ለብ ያለ ከሆነ ፔርሙሱ ለዚያን ያህል ሰዓት አያገለግልም።

ሽታና ጣዕም በቂ ማረጋገጫ አይደሉም

ኮምጣጣ ሽታ፣ አረፋ ወይም መሟለግ የታየበት ወጥ ይጣላል። ሆኖም ጎጂ ተህዋስያን ሽታንም ሆነ ጣዕምን ሳይለውጡ ሊራቡ ይችላሉ። አንዳንዶቹ የሚያመነጩት መርዝም ድጋሚ በማፍላት አይጠፋም። ስለዚህ ከምሳ የተረፈ ወጥ ለእራት ወይም ለነገ አይቀመጥም። ሻጋታ የታየበት እንጀራም ሻጋታው ብቻ ተቆርጦ አይበላም።

ከምሳ በኋላ ትውከት፣ ቁርጠት ወይም ተቅማጥ ሲከሰት ሕመምተኛው ፈሳሽ እንዲወስድ ያድርጉ። ትውከቱ ፈሳሽ የሚከለክል ከሆነ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከታየ ወይም ሕፃኑ ከፈዘዘ ሳይዘገዩ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።