የማሰሪያ ልክ፦ የተተረጎመ ውል ከጅራቱ ይነበባል

በእንግሊዝኛ ውል ውስጥ «ሻል» እና «ሜይ» የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ቃላት አሉ። የመጀመሪያው ግዴታ ይጥላል፤ ሁለተኛው ፈቃድ ይሰጣል። የቋንቋ ባለሙያዎች እንዲህ ያሉትን «ሞዳል» ይሏቸዋል። በአማርኛ «የማሰሪያ ልክ» ቢባሉ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የአማርኛ ሰዋስው የዓረፍተ ነገሩን ዋና ግስ «ማሰሪያ አንቀጽ» ይለዋልና፤ ሰውን በውል የሚያስረውም ሆነ የሚፈታው እዚያው መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ግስ ነው። እንግሊዝኛ ይህን ኃይል በዓረፍተ ነገሩ መካከል ሲያኖረው አማርኛ ጅራቱ ላይ ያኖረዋል።

ማንኛውንም የፌዴራል አዋጅ የገለጠ ሰው ሁለቱንም አይቷቸዋል። መጀመሪያው ላይ አዋጁ እንዲህ ተብሎ «ሊጠቀስ ይችላል» ይላል፤ ይህ የ«ሜይ» ትርጉም ነው። መዝጊያው ላይ ደግሞ «የጸና ይሆናል» ይላል፤ ይህ የ«ሻል» ነው። «አለበት» የሚል ቃል የለበትም፤ ግን ያስገድዳል። በሕግ አማርኛ «ይከፍላል» ብቻውን «መክፈል አለበት» ማለት ነው።

የማሰሪያ ልክ ሲዛባ ምን እንደሚመጣ ኢትዮጵያ ከማንም በላይ ታውቃለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣልያንኛው ግስ «ኮንሴንተ» ነው፦ «ይስማማሉ» እንደ ማለት። ብዙ ጊዜ የኢጣልያንኛው ቅጂ «የግድ» ይል ነበር ተብሎ ይነገራል፤ «የግድ» የሚል ቃል ግን አልነበረበትም። ነገሩ ከዚያ ይልቅ የረቀቀ ነው። በውል ላይ «እስማማለሁ» ያለ ሰው ቃሉን የሰጠ ሰው ነው፤ ስለዚህም ይታሰራል። «ይቻላቸዋል» የተባለ ግን ቢፈልግ ያደርጋል፣ ባይፈልግ ይተዋል።

ኢጣልያ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. አንቀጹን ይዛ ለአውሮፓ መንግሥታት ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንደሆነች አስታወቀች። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ ለንግሥት ቪክቶሪያ በቀጥታ ሲጽፉ ግን መልሱ የመጣው ጉዳዩ በኢጣልያ በኩል ይሁን በሚል መንገድ ነበር። የሁለቱ ቅጂዎች ልዩነት ገሃድ የወጣው በዚህ ነው። የሚያስገርመው 19ኛው አንቀጽ ነው፤ ሁለቱ ቅጂዎች ፍጹም የተስማሙ መሆናቸውንና እኩል እንደሚታመኑ ይደነግጋል። የቅጂዎቹን መስማማት ውሉ ራሱ ቢመሰክርም ግሶቹ ግን አልተስማሙም። ክርክሩ በየካቲት 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ደረሰ፤ የውጫሌም ውል በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ውል ተሻረ።

አሁን ነገሩን ወደ ቅርብ እናምጣው። መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የድንች ዘር ሽያጭ ውል ቀረበለት እንበል። እንግሊዝኛው ገዥው ዘሩን ከመጫኑ በፊት መመርመር «ሜይ» ይላል፤ አማርኛው «መመርመር ይገባዋል» ብሎታል። «ይገባዋል» ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። «ክፍያ ይገባዋል» ሲባል መብት ነው፤ «መክፈል ይገባዋል» ሲባል ግዴታ ነው። እዚህ ላይ የገዥው መብት ግዴታው ሆነ ማለት ነው። ዘሩ በስብሶ ቢገኝ ሻጩ «መመርመር ይገባህ ነበር» ብሎ ሊከራከር በር ተከፈተለት።

የዚሁ ውል ሌላ መስመር ደግሞ ይብሳል። እንግሊዝኛው ማኅበሩ ለሌላ ሰው መሸጥ «ሜይ ኖት» ይላል፤ ይህ ክልከላ ነው። አማርኛው ግን «ላይሸጥ ይችላል» ብሎ ጽፎታል። «ላይሸጥ ይችላል» ማለት ሊሸጥም ላይሸጥም ይችላል ማለት ነው፤ ክልከላው ጠፋ። ትክክለኛው «መሸጥ አይችልም» ነው። አሉታው የሚቀመጥበት ቦታ ነው ልዩነቱን ያመጣው፤ «ላ» መነሻው ላይ ሲሆን ዕድል ነው፣ «አይ…ም» «መቻል» ላይ ሲውል ክልከላ ነው።

እንዲህ ያለውን ስሕተት ሙሉ ውሉን ደጋግሞ በማንበብ ማግኘት ይከብዳል፤ ዓረፍተ ነገሩ ያምራልና ዓይን ይሸነገላል። ሁለት ሰዎች ቢከፋፈሉት ይቀላል። አንዱ እንግሊዝኛውን ብቻ ይዞ በየቁጥሩ ትይዩ «ግዴታ»፣ «መብት»፣ «ክልከላ» ወይም «ዕድል» ብሎ ይጽፋል። ሌላው እንግሊዝኛውን ሳያይ ለአማርኛው ማሰሪያ አንቀጾች እንደዚሁ ያደርጋል። ከዚያ ሁለቱ ዝርዝሮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ያልተገጣጠሙት ቁጥሮች ብቻ እንደገና ይታያሉ። አንባቢው በ«ይገባዋል» ላይ ካመነታ ቃሉ ራሱ ይውጣ፤ መብት ከሆነ «መብት አለው»፣ ግዴታ ከሆነ «ግዴታ አለበት» ተብሎ ይጻፍ።

ይህ ዘዴ የማይደርስበት ነገር አለ። ሁለቱ ቅጂዎች ቢጋጩ የትኛው እንደሚጸና አይወስንም። ያን የሚወስነው የቋንቋ አንቀጹ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በውሉ መጨረሻ፣ ከፊርማው በላይ ይገኛል። ፈራሚው ቢያንስ እሱን አንብቦ ይፈርም።