የብር ዙር፦ አበዳሪ በሱቅ ውስጥ የሚቆጥረው ቀን

ባለሱቅ ለሥራ ማስኬጃ ብድር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያወራው ትርፉን ነው። በቀን ስንት እንደሚሸጥ፣ በካርቶን ስንት እንደሚያተርፍ ይዘረዝራል። ብድር ገምጋሚ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ሁሉ ካዳመጥኩ በኋላ የምጠይቀው ጥያቄ ብዙዎችን ግራ ያጋባ ነበር፦ «ዛሬ ለዘይት የከፈሉት ብር በስንተኛው ቀን ተመልሶ እጅዎ ይገባል?»

የሒሳብ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ስም አላቸው፤ ካሽ ኮንቨርዥን ሳይክል ይሉታል። በዚህ ስም እንዲታወቅ ያደረገው ቬርሊን ሪቻርድስና ዩጂን ላውሊን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። ሐሳባቸው ቀላል ነው። ብር ከእጅ ይወጣና ዕቃ ይሆናል፤ ዕቃው ይሸጥና ዱቤ ይሆናል፤ ዱቤው ይከፈልና እንደገና ብር ይሆናል። ከመጀመሪያው ብር እስከ መጨረሻው ብር ያሉትን ቀናት መቁጠር ነው።

በአማርኛ ምን እንበለው? ቃል በቃል ተርጉመው «የጥሬ ገንዘብ ልወጣ ዑደት» የሚሉ አሉ፤ መርካቶ ውስጥ ይህን የሚናገር ሰው ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። «አዙሪት» ደግሞ መውጫ የሌለው ነገር ይመስላል፤ ለተበዳሪ የሚነገር ቃል አይደለም። ነጋዴው ራሱ «ብሩን አገላብጠዋለሁ» ይላል። እኔ የመረጥኩት «የብር ዙር» የሚለውን ነው። ዙር ማንም ዕቁብተኛ የሚያውቀው ቃል ነው፤ የወጣው ብር ተራውን ጠብቆ እንደሚመለስ ይናገራል። ልዩነቱ፣ በዕቁብ ዙሩ መቼ እንደሚያልቅ አስቀድሞ ይታወቃል፤ በሱቅ ግን ሄዶ መቁጠር ያስፈልጋል።

አቆጣጠሩን በአንድ ሱቅ ላይ ላሳይ። የባለቤቷን ማንነት ትቼ፣ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻለሁ። ሱቁ አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኝ የሰፈር ሸቀጣ ሸቀጥ ነው። ባለቤቷ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ናቸው። የጠየቁት 200,000 ብር፣ በ12 ወር የሚከፈል ነው። ምክንያታቸውም «ብር አነሰኝ ልጄ፤ መደርደሪያው ሙሉ ነው፣ መርካቶ ስወርድ ግን እጄ ባዶ ነው» የሚል ነበር። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከማመልከቻው ሁሉ የበለጠ ነገረችኝ።

በቀን 8,000 ብር ይሸጣሉ። ከዚህ 15 በመቶው ትርፍ ነውና የተሸጠው ዕቃ መግዣው 6,800 ብር ነው። የሽያጩን ቁጥር በቃላቸው ብቻ አልተቀበልኩም። ሳምንታዊውን ግዥ ከጅምላ ሻጩ ወረቀት ላይ አየሁ፤ ወደ 47,600 ብር ነበር። 6,800 በ7 ሲባዛ ያው ነው። ብዙ የሚሸጥ ሰው ብዙ መግዛቱ አይቀርም፤ የሚናገረው ሽያጭ ከግዥው ከራቀ ከሁለቱ አንዱ ልክ አይደለም።

ከዚያ መደርደሪያውን ቆጠርን። ዕቃው በመግዣ ዋጋ 238,000 ብር ወጣ። ለ6,800 ሲካፈል 35 ቀን ይሆናል፤ አንድ ዕቃ በአማካይ 35 ቀን ሱቁ ውስጥ ይቀመጣል ማለት ነው። የዱቤ ደብተሩ ላይ ያልተከፈለ 96,000 ብር ነበር። ይህን በቀን ሽያጩ፣ በ8,000 ስናካፍለው 12 ቀን ሆነ። በሌላ በኩል ጅምላ ሻጩ ለእሳቸው ዱቤ ይሰጣቸዋል፤ የዚህን ሳምንት ጭነት ሲወስዱ ያለፈውን ሳምንት ይከፍላሉ። ይህ 7 ቀን በሰው ብር መሥራት ነውና ይቀነሳል። 35 እና 12 ተደምሮ 7 ሲነሳለት፣ የብራቸው ዙር 40 ቀን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ደመወዝተኛ በበዛበት ሰፈር የዱቤ ደብተር ወር ሲያልቅ ይጠራና በወሩ አጋማሽ እንደገና ያብጣል። መደርደሪያም ከመርካቶ በተመለሱ ማግሥት ሙሉ ነው፣ ከመውረዳቸው በፊት ደግሞ ይሳሳል። ስለዚህ በአንድ ቀን ጉብኝት የሚገኝ ቁጥር ያታልላል። እኔ አንዴ በወር መጀመሪያ፣ አንዴ ወደ ወር መጨረሻ መሄድን ልማድ አድርጌ ነበር። ሁለተኛው ጉብኝት ሳይነገር ቢደረግ ይመረጣል፤ ለገምጋሚ ቀን ብቻ ከጎረቤት ሱቅ በውሰት የመጣ ካርቶን ያጋጠመኝ ጊዜ አለ።

አሁን 40 ቀን ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ቁጥሩ ብቻውን መልስ አይሰጥም፤ ውስጡን መክፈት ያስፈልጋል። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና በሳምንት ሁለት ሳምንት የሚያልቁ ናቸው። የላይኛው መደርደሪያ ግን ሌላ ታሪክ ነበረው። የፕላስቲክ ሳህኖች፣ የፀጉር ቅባትና የልጆች ጫማ በአንድ ወቅት በርካሽ ተገኝተው በብዛት የተገዙ ናቸው። አቧራው በጣት ይጻፍበታል። የቅባቱ የማለቂያ ቀን ደግሞ ሊደርስ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውታል። የእነዚህ ብቻ ዋጋ 68,000 ብር ነበር፤ ከ35ቱ ቀን 10ሩን የያዙት እነሱ ናቸው።

ደብተሩም እንዲሁ ነው። የዱቤ ደብተር ሲነበብ ዓይን መሄድ ያለበት ወደተሰረዙት መስመሮች ነው። ሲከፈል ይሰረዛል፤ ስለዚህ ብዙ ስርዝ ያለበት ገጽ ጤናማ ገጽ ነው። ቀለሙ የተለያየ፣ ጠርዙ የተጎሳቆለ ደብተር የእውነት ደብተር ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ በአንድ እስክሪብቶ የተጻፈው ግን ለእኔ ሲባል ትናንት የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። የእሳቸው ደብተር የእውነት ነበር፤ ነገር ግን 24,000 ብሩ ሦስት ወር ያለፈው፣ አንድም ስርዝ የሌለበት ነው። ከባለዕዳዎቹ ሁለቱ ሰፈሩን ለቀዋል።

እንግዲህ ብሩ አላነሰም፤ ታስሯል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአበዳሪው ሥራ ዋናው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። የተጠየቀው 200,000 ብር ተሰጥቶ ዕቃ ቢገዛበት፣ የሰፈሩ ሰው ቁጥር ካልጨመረ ሽያጩ ያው 8,000 ነው። 200,000 ለ6,800 ሲካፈል ደግሞ ወደ 29 ቀን ይሆናል። ዙሩ ከ40 ወደ 69 ቀን ይረዝማል። የመጀመሪያው ክፍያ ግን በ30ኛው ቀን ይደርሳል። ያን ቀን የሚከፈለው ብር ከየት ይመጣል? ቶሎ ከሚሸጠው ከዘይቱና ከስኳሩ ነው። የዘይቱ ብር ለባንክ ሲሄድ ዘይት የሚገዛበት ይጠፋል፤ የቀረው ሳህንና ጫማ ይሆናል። የሱቅ ብድር ሲበላሽ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

ወርሃዊው አቅምም ይህን አይሸከምም። የቀኑ 1,200 ብር ትርፍ በወር 36,000 ይሆናል። የቤት ኪራይ፣ የረዳት ልጅ ደመወዝ፣ መብራት፣ ትራንስፖርትና ግብር 18,000 ይወስዳሉ። የቤት ወጪ 10,000 ነው፤ ብዙ አመልካች «ቤቱን ልጆቼ ይደጉሙኛል» ብሎ ይህን ይዘለዋል፣ ነገር ግን ዳቦና ዘይት ከሱቁ መደርደሪያ ሲነሳ ያው ወጪ ነው። ዕቁብ በሳምንት 500 ብር አለ። ዕቁቡን ተዉት ማለት አይቻልም፤ ከብድሩ በፊት የሚከፈል ዕዳ እሱ ነው። የቀረው 6,000 ብር ነው። 200,000 በ12 ወር ሲካፈል ወለዱ ሳይደመር ከ16,600 ብር በላይ ይሆናል።

ታዲያ ዝም ብሎ ውድቅ ይደረግ? አይደለም። ፋሲካ እየቀረበ ነበር፣ ለበዓል የሚገዛው ሰው ደግሞ በእርግጥ ይጨምራል። የሐሳቤ ቅደም ተከተል ይህ ነበር፦ መጀመሪያ የላይኛው መደርደሪያ በቅናሽ ይሸጥ፣ አንድ ልጅ ደብተሩን ይዞ ውዝፉን ይልቀም። ለበዓሉ ደግሞ 60,000 ብር ለዘይት፣ ለዱቄትና ለሽንኩርት እናበድር፤ ግማሹ በ4ኛው፣ ቀሪው በ8ኛው ሳምንት ይከፈል። የበዓል ዕቃ በሦስት ሳምንት ይሸጣልና ክፍያው ሲደርስ ብሩ ዙሩን ጨርሷል። በበዓል ዘይትና ዱቄት ላይ ትርፉ ቀጭን ስለሆነ 7,000 ብር ብቻ ገመትኩ፤ በዓመት 20 በመቶ ወለድ ቢታሰብ ወጪው ወደ 1,400 ብር ነው። ብድሩ ራሱን ይከፍላል፣ ወርሃዊዋን 6,000 ሳይነካ።

ባለሱቋ ግን ተከራከሩኝ። «ያ ሳህን ቢቀመጥም ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ለምን አረክሰዋለሁ?» አሉ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ይዞ የቆየ ነጋዴ ከሸጠው ይልቅ የተጠቀመበት ጊዜ አለ። በዋጋ ንረት ጊዜ ዙሩን ማሳጠር ሁልጊዜ ብልህነት አይደለም፤ ትናንት የተሸጠው ዕቃ ዛሬ በዚያው ብር ላይገዛ ይችላል። ይህ የመለኪያው ገደብ ነው፤ ቀንን ይቆጥራል እንጂ የብርን መርከስ አያይም። መልሴ፣ ሳህኑ እንደ ቁጠባ ጥሩ ሊሆን እንደሚችል፣ በክፍያ ቀን ግን ሳህን እንደማንቀበል ነበር። የሚያልቅበት ቀን የተጻፈበት የፀጉር ቅባት ደግሞ ቁጠባም አይሆንም። በዚህ ላይ ተስማማን፤ ቅባቱና ጫማው ይሸጥ፣ ሳህኑ ግማሹ ይቆይ።

መያዣን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ የሱቅ ዕቃና የሚሰበሰብ ዱቤ ጭምር፣ ለብድር መያዣ ሊሆን ይችላል። ቤት ለሌለው ነጋዴ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ዕቃው ለባለሱቁ የማይሸጥ ከሆነ ለአበዳሪውም አይሸጥም፤ መያዣው ዋጋ የሚኖረው ያው ዙሩ ሲዞር ነው። ለእሳቸው የደመወዝ ዋስ ቀረበና በዚያ ጨረስን።

ብድሩ በ8ኛው ሳምንት ተዘጋ። ሒሳቡ በተዘጋ ማግሥት ሱቁ ሄጄ እንደገና ቆጠርን፦ ዕቃው 27 ቀን፣ ዱቤው 10 ቀን፣ የጅምላ ሻጩ ዱቤ ያው 7። ዙሩ 30 ቀን ሆኗል። የላይኛው መደርደሪያ ላይ የቀሩት ሳህኖች አሁንም አሉ፤ አቧራቸው ግን ተጠርጓል። ባለሱቋ ደብተሩን ዘግተው «አሁንስ 200,000ው?» አሉኝ።