የተሸጋገረ ኪሳራ

አንድ ድርጅት ዘንድሮ 1 ሚሊዮን ብር አትርፎ ከትርፉ 600 ሺህ ቀንሶ ግብር በ400 ሺህ ብር ላይ ብቻ ሊከፍል ይችላል። ይህን የሚፈቅድለት ካለፈ ዓመት ያመጣው ኪሳራ ነው። በታክስ ቋንቋ ድርጊቱ ኪሳራን ማሸጋገር፣ ወደ ቀጣዩ ዓመት የሚያልፈው ገንዘብ ደግሞ የተሸጋገረ ኪሳራ ይባላል። ከዓመቱ ትርፍ ላይ ይቀነሳል፤ ግብሩ የሚሰላው በቀሪው ላይ ነው። መንግሥት ለከሰረ ሰው ገንዘብ አይመልስም፤ ወደፊት የሚገኘውን ትርፍ ግን ከቀድሞው ኪሳራ ጋር አጣፍቶ ያያል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩን የደነገገው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነው። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ስሌትና ደንብ በ2008ቱ ጽሑፍ መሠረት የቀረበ መሆኑን አንባቢ ይያዝ። አንድ የዕንጨት ሥራ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንውሰድ። የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ የድርጅቶች ግብር ደግሞ 30 በመቶ ነው።

ማኅበሩ በ2010 የግብር ዓመት 2 ሚሊዮን ብር ከሰረ። በ2011 500 ሺህ፣ በ2012 ደግሞ 300 ሺህ አተረፈ። ሁለቱም ትርፎች በ2010ሩ ኪሳራ ስለተዋጡ ግብር አልከፈለም፤ ከኪሳራውም 1 ነጥብ 2 ሚሊዮን ቀረ። በ2013 ሥራው ተዳክሞ እንደገና 600 ሺህ ብር ከሰረ። አሁን በመዝገቡ ላይ ሁለት ኪሳራዎች አሉ፤ ሕጉም አስቀድሞ የሚቀነሰው የቆየው ነው ይላል። በ2014 የተገኘው 400 ሺህ እና በ2015 የተገኘው 600 ሺህ ትርፍም ከ2010ሩ ላይ ተቀነሰ። ከእርሱ 200 ሺህ ብር ገና ይቀራል።

ይህ 200 ሺህ ግን ወደ 2016 አይሻገርም። ኪሳራ የሚሸጋገረው ከደረሰበት የግብር ዓመት ቀጥሎ ለአምስት ዓመት ብቻ ነውና የ2010ሩ ዕድሜ በ2015 መጨረሻ ያበቃል። ማኅበሩ በ2016 1 ሚሊዮን ብር ሲያተርፍ የሚቀንሰው የ2013ቱን 600 ሺህ ብቻ ነው፤ በቀሪው 400 ሺህ ላይ 120 ሺህ ብር ግብር ይከፍላል። ኪሳራው ባይኖር 300 ሺህ ይከፍል ነበር። ያመለጠው 200 ሺህ ቢደርስ ኖሮ ደግሞ ግብሩ በ60 ሺህ ብር ይቀንስለት ነበር።

ነጋዴዎች አብዝተው የሚጠይቁት ስለ አምስቱ ዓመት ነው። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላው ገደብ ነው። አንድ ግብር ከፋይ የሁለት የግብር ዓመታት ኪሳራ ካሸጋገረ በኋላ ሌላ ኪሳራ ማሸጋገር አይፈቀድለትም። የእኛ ማኅበር በ2017 ሦስተኛ ኪሳራ ቢደርስበት፣ መጠኑ ሚሊዮኖች ቢሆንም፣ በቀጣዩ ዓመት ከትርፉ አይቀንሰውም። ገደቡ የሚቆጥረው ዓመቱን እንጂ ገንዘቡን አይደለም። ስለዚህ ሥራ ሲጀመር የደረሰ 40 ሺህ ብር ኪሳራ ከሁለቱ ዕድሎች አንዱን ይዞ ይሄዳል፤ ከባዱ ኪሳራ ማሽን ከተተከለና ሠራተኛ ከተቀጠረ በኋላ ከመጣ ቦታ ያጣል። ቀስ ብሎ ለሚያድግ ፋብሪካ ይህ ከባድ ነው።

ሌላው የሚሳሳቱበት ቦታ የኪሳራው መጠን ነው። የሚሸጋገረው የታክስ ኪሳራ እንጂ በሒሳብ መግለጫ ላይ የሚታየው ቁጥር አይደለም። ማኅበሩ በ2010 በመዝገቡ 2 ነጥብ 3 ሚሊዮን ብር ከስሮ ነበር እንበል። ከዚያ ውስጥ 200 ሺህ የመስተንግዶ ወጪና 100 ሺህ የቅጣት ክፍያ አለ፤ ሁለቱም ለግብር በወጪነት አይያዙም። ተመልሰው ሲደመሩ ኪሳራው 2 ሚሊዮን ይሆናል። የእርጅና ተቀናሽም እንደ ታክስ ሕጉ ምጣኔ እንደገና ይሰላል። በግብር ማስታወቂያው ላይ ያለው ኪሳራ ከሒሳብ መግለጫው ጋር በአንዲት ብር እንኳ ሳይለያይ ከተገጣጠመ፣ ማስተካከያው ሳይሠራ ቀርቶ እንዳይሆን መጠርጠር ይገባል።

በመጨረሻም ኪሳራው እንዲሸጋገር ኪሳራውን የሚያሳየው የሒሳብ መዝገብ በኦዲተር የተመረመረና በታክስ ባለሥልጣኑ ተቀባይነት ያገኘ መሆን አለበት። በደረሰኝ ያልተደገፈ ወጪ ውድቅ በተደረገ ቁጥር ኪሳራው ይጠባል፤ ከዓመታት በኋላ በተደረገ ምርመራ ከ2010ሩ ኪሳራ 500 ሺህ ብር ቢሰረዝ፣ እርሱን ተማምኖ በቀጣዮቹ ዓመታት የተቀነሰው ትርፍም ከቀረው ኪሳራ በበለጠው ያህል ተመልሶ ግብር ይጣልበታል። ስለዚህ የ2010 የግብር ዓመት ደረሰኞች ኪሳራው እስከተቀነሰበት እስከ መጨረሻው ዓመት፣ ያ ዓመትም እስኪመረመር ድረስ ከፋይሉ አይውጡ።