ባሕር ማዶ የሚኖር ወገን የጤፍ ዱቄት፣ ቅመምና ምጣድ ከየት ያገኛል?

ልጅ ወይም ዘመድ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚያስበው ስንቅ ነው። የጤፍ ዱቄት፣ በርበሬ፣ ሽሮና ምጣድ በአንድ ሻንጣ ተጭነው መንገደኛውን ያስጨንቃሉ። ከእነዚህ መካከል የትኛው እዚያው እንደሚገዛ፣ የትኛው ከአገር ቤት መሄድ እንዳለበት ማወቅ ወጪንም ድካምንም ይቀንሳል።

በአሜሪካ የአበሻ ሸቀጥ መደብሮች በብዛት የሚገኙት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በሰፈሩባቸው ከተሞች ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ፣ በሎስ አንጀለስ ደግሞ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚል ስያሜ የተሰጠው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል ተጠቃሽ ናቸው። በእስራኤል በቴል አቪቭ ማዕከላዊ የአውቶቡስ መናኸሪያ አካባቢ ተመሳሳይ ሱቆች አሉ። አዲስ ገቢ ሰው በስልኩ ካርታ ላይ «Ethiopian market» ወይም «injera» ብሎ ቢጽፍ በአቅራቢያው ያሉት ይታዩታል። ካርታው ምግብ ቤት ብቻ ቢያሳይም ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ምግብ ቤቱ ራሱ ዱቄትና በርበሬ የሚገዛበት ቦታ አለውና ባለቤቱን መጠየቅ አጭሩ መንገድ ነው።

በመደርደሪያው ላይ ያለው ጤፍ ከጎጃም ወይም ከአድአ የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይሁንና ኢትዮጵያ ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ በ2006 እ.ኤ.አ. ከከለከለች በኋላ የአሜሪካን ገበያ በአመዛኙ የሸፈነው እዚያው የሚመረት ጤፍ ነው። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው ዌይን ካርልሰን ወደ አገሩ ሲመለስ በአይዳሆ ግዛት ጤፍ ማልማት ጀመረ፤ «ማስካል» በሚል ስም የሚሸጠው ዱቄትም ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ የጤፍ ዱቄት ከአገር ቤት ተሸክሞ መሄድ አያስፈልግም።

ገዢው ሊጠነቀቅ የሚገባው በድብልቅ ዱቄት ነው። በአሜሪካ ሕግ ስንዴ ያለበት የታሸገ ምግብ ይህንኑ በማሸጊያው ላይ መግለጽ አለበት፤ ስለዚህ ከፊት ለፊት የተጻፈውን ስም ብቻ ሳይሆን ከጀርባ ያለውን የይዘት ዝርዝር ማንበብ ይበጃል። የስንዴ ግሉተን ለማይስማማው ሰው ይህ የጤና ጉዳይ ነው። በቤት ውስጥም ቀላል መፈተኛ አለ፦ ጥቂት ዱቄት በውኃ አቡክቶ በቀስታ በሚፈስ ውኃ ሥር ማጠብ። ንጹሕ ጤፍ ተበትኖ ያልቃል፤ ብዙ ስንዴ ያለበት ግን እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ቅሪት በእጅ ላይ ይተዋል። ጥቂት ስንዴ ቢቀላቀል ግን ይህ ፈተና ላይለየው ስለሚችል ሕመም ያለበት ሰው ሊመካበት አይገባም።

የአበሻ መደብር በሌለበት ከተማ የሕንድ ሱቅ ጥሩ አማራጭ ነው። ነጭ አዝሙድ በዚያ «አጅዋን»፣ ጥቁር አዝሙድ «ካሎንጂ»፣ አብሽ ደግሞ «ሜቲ» ይባላሉ። እርድና ዝንጅብልም አይጠፉም። ኮረሪማ ሲጠየቅ ግን ሻጩ ብዙውን ጊዜ ሄል ያቀርባል፤ ሁለቱ ዝምድና ቢኖራቸውም ጣዕማቸው የተለያየ ነው። ኮሰረትም በሕንድ ሱቅ አይገኝም። ቅቤ ለማንጠር የሚፈልግ ሰው ኮረሪማና ኮሰረት፣ ከእነርሱም ጋር የቤቱን በርበሬና በሶብላ ከአገር ቤት ቢይዝ ይሻለዋል። ይሁንና አሜሪካ ሲደርስ የያዘውን የእርሻ ውጤት ሁሉ ለጉምሩክ ማስታወቅ ግዴታ ነው፤ አለማስታወቅ ቅጣት ያስከትላል።

ከሁሉ በላይ ሰውን ለኪሳራ የሚዳርገው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የኢትዮጵያ ኃይል 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካ 120 ነው። ከዚህ የሄደ ምጣድ የሶኬት ማገናኛ ተገዝቶለት ቢሰካ እንኳ የሚሰጠው ሙቀት ከአንድ ሦስተኛ በታች ይሆናል፤ ምጣዱ ሞቅ ይላል እንጂ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ማገናኛው የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ የኃይሉን መጠን አይለውጥም። ከአሜሪካ ተገዝቶ የሚመጣ ምጣድ ደግሞ እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል። በአውሮፓ ግን ኃይሉ ተቀራራቢ በመሆኑ የሶኬቱን ቅርጽ ማስተካከል ሊበቃ ይችላል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙዎች የሚጠቀሙት ኖርዌያውያን ሌፍሴ ለሚባለው ስስ ቂጣቸው የሚገለገሉበትን፣ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ይህ በአበሻ መደብሮችም ይሸጣል። ገዢው ክዳን አብሮት መኖሩን ማረጋገጥ አለበት፤ እንጀራ የሚበስለው ከታች በሙቀት፣ ከላይ በእንፋሎት ነውና። ጀበናና ሰፌድ ግን ቀላል በመሆናቸው ከአገር ቤት ሊሄዱ ይችላሉ፤ ጀበናው በልብስ ተጠቅልሎ በእጅ ሻንጣ ቢያዝ የመሰበር አደጋው ይቀንሳል።